ኤ2 ፌርማታ ላይ የሚወርዱት እነማን ናቸው? ለታላሴሚያ ኤችፒኤልሲ ወይስ ኤሌክትሮፎረሲስ

የምርመራ ወረቀቱ ላይ «A2 28.6%» ይላል፤ ኤ2 ከደም ሄሞግሎቢን ዓይነቶች አንዱ ነው። ከጎኑ የማታ ተረኛው በእስክሪብቶ «ቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ» ብሎ ጽፏል፤ ታላሴሚያ በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ምርት ችግር ነው። ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ በምሠራበት የግል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ልጁን አልፈርድበትም። የተማረው ሕግ «ኤ2 ከ3.5 በመቶ በላይ ከሆነ ተሸካሚ ነው» ይላል። 28.6 ደግሞ ከ3.5 በብዙ ይበልጣል። ምን ያጠራጥራል?

የሚያጠራጥረው ቁጥሩ መብዛቱ ነው። በሰው ደም ውስጥ ኤ2 28 በመቶ አይደርስም። ማሽኑ «ኤ2» ያለው ሌላ ነገር ነበር። ደግነቱ ውጤቱ ሳይወጣ ደረስንበት። የናሙናው ባለቤት እርጉዝ ናት፤ 9ኛ ሳምንቷ ነው። ባልየውም በዚያው ቀን ደም ሰጥቷል። ሁለቱም ከባንግላዴሽ ናቸው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼ «ላብራቶሪያችን የሄሞግሎቢን ምርመራ ሊጀምር ነው፤ ኤችፒኤልሲ ወይስ ኤሌክትሮፎረሲስ፣ የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ምርመራውን ለሚያዙ ሐኪሞች፣ ወረቀቱ እጃቸው ለገባ ባልና ሚስቶችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሄሞግሎቢን ኤ እና ሄሞግሎቢን ኢ በአማርኛ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። እያያችሁ አንብቡ፤ የዛሬው ጣጣ የሚመጣው ከኢ ነውና።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

የጤነኛ አዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ከሞላ ጎደል ኤ ነው፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል። ኤ2 ከ2 እስከ 3.3 በመቶ ገደማ ነው። የፅንስ ሄሞግሎቢን የሆነው ኤፍ ከ1 በመቶ በታች ይቀራል።

በቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ላይ የቤታ ሰንሰለት ምርት ይቀንሳል። ኤ የሚሠራው በዚህ ሰንሰለት ነው። ኤ2 ግን በቤታ ፈንታ ዴልታ የሚባል ሰንሰለት ስለሚጠቀም ድርሻው ከፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት?» የሚል ነው። በ3.2 እና በ3.8 መካከል ያለውን ልዩነት ማየት የሚችል መለኪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ነው?» የሚል ነው። ደሙ ውስጥ ኤስ፣ ሲ፣ ዲ ወይም ኢ የሚባሉት የተለወጡ ሄሞግሎቢኖች አሉ ወይ? ካሉስ የትኛው?

«የቱ ይሻላል?» የሚለው ክርክር የማያልቀው ሁለቱ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው።

ኤሌክትሮፎረሲስ፦ አብረው የሮጡት

ይህ ሄሞግሎቢኖችን በኤሌክትሪክ እያሯሯጠ የሚለየው የቆየው መንገድ ነው። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኤስ፣ ከጤነኛው እንደሚለይ ያሳዩት በኤሌክትሮፎረሲስ ነበር። ዛሬ በትንንሽ ላብራቶሪዎች የሚሠራው በሴሉሎስ አሴቴት ወረቀት ላይ ነው።

ቀይ ሴሎቹን በሳላይን 3 ጊዜ ታጥባላችሁ። ከዚያ ታፈነዷቸውና የወጣውን ቀይ ፈሳሽ ፒኤቹ 8.4 አካባቢ በሆነ ባፈር በተነከረው ወረቀት ላይ በቀጭኑ ትቀባላችሁ። 350 ቮልት ለ25 ደቂቃ ያህል ትለቁበታላችሁ። ከዚያ በፖንሶ ኤስ ቀለም ትነክሩታላችሁ። በዚህ ፒኤች ሄሞግሎቢኖቹ አሉታዊ ቻርጅ ስላላቸው ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይሮጣሉ። ኤ ከፊት ነው። ከኋላው ኤፍ፣ ቀጥሎ ኤስ ይመጣል። መጨረሻ ላይ፣ መነሻው አጠገብ፣ ኤ2 ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ አብሮ የሚሮጥ መብዛቱ ነው። ኤስ ካለበት ቦታ ላይ ዲ፣ ጂ እና ሌፖር የሚባለው ሄሞግሎቢን አብረው ይቆማሉ። ኤ2 ካለበት ቦታ ላይ ደግሞ ሲ፣ ኢ እና ኦ-አረብ አሉ። በዓይን አይለዩም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ሩጫ የሚያስፈልገው፤ ሲትሬት አጋር ላይ፣ ፒኤች 6 አካባቢ። እዚያ ሲ ለብቻው ይወጣል፤ ኤስም ለብቻው ይወጣል። ዲ፣ ጂ እና ኢ ከኤ ጋር ይቀላቀላሉ። የመጀመሪያው ወረቀት «ሲ ወይም ኢ» ካለና ሁለተኛው «ከኤ ጋር ነው» ካለ፣ ሲ አይደለም ማለት ነው። አንዱን ብቻ ሠርቶ ስም መስጠት ግምት ነው።

ለ«ስንት?» ጥያቄ ግን ይህ መንገድ ደካማ ነው። የኤ2 መስመር ደብዛዛ ነው። የወረቀቱን ቀለም በዴንሲቶሜትር አንብቦ «ኤ2 3.6 ነው» የሚል ሪፖርት ሳይ ያመኛል። የቀባው እጅ ትንሽ ካበዛ፣ ወረቀቱ ከደረቀ፣ ወይም ባፈሩ ከትናንት የተረፈ ከሆነ ቁጥሩ ይዋዥቃል። መስመሩን ከወረቀቱ ቆርጦ፣ ቀለሙን በፈሳሽ አውጥቶ መለካት ይቻላል፤ የተሻለ ቁጥርም ይሰጣል። ግን ሥራው አድካሚ ነው።

ኤችፒኤልሲ፦ ታክሲው

ኤችፒኤልሲን ለአዲስ ሠራተኛ የማስረዳው በታክሲ ነው። በማሽኑ ኮለም ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ነገር ታጭቋል። ሄሞግሎቢኖቹ ሲገቡ ይጣበቁበታል። ከዚያ የጨው መጠኑ ቀስ በቀስ የሚጨምር ባፈር ይገፋቸዋል። በደንብ ያልተጣበቀው ቶሎ ይወርዳል፤ ጠንክሮ የያዘው መጨረሻ ላይ ይወርዳል። በሩ ላይ ያለው መብራት በ415 ናኖሜትር እያየ ስንት እንደወረደ ይቆጥራል።

በብዙ ላብራቶሪ የማውቀው የባዮ-ራድ ቫሪያንት አጭሩ ፕሮግራም አንዱን ናሙና ከ7 ደቂቃ በታች ይጨርሳል። ኤፍ ከ1 ደቂቃ ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ኤ2 ከ3.30 እስከ 3.90 ደቂቃ ባለው መስኮት ውስጥ ይወርዳል። ኤስ ከ4.30 በኋላ፣ ሲ ደግሞ 5 ደቂቃ ገደማ ላይ ይመጣሉ። ማጠብ የለም፣ መቀባት የለም፤ ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ቱቦ እንዳለ ታስገባላችሁ። ቁጥሩም ነገ ሲደገም ያው ነው። ለ«ስንት?» ጥያቄ ጥሩ መልስ ይህ ነው።

ነገር ግን ማሽኑ የሚያውቀው ፌርማታውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። መገናኛ የወረደ ሁሉ የመገናኛ ነዋሪ አይደለም። በ3.30 እና በ3.90 መካከል የወረደውን ሁሉ ማሽኑ «A2» ብሎ ይጽፋል። ኢ እዚያው ይወርዳል። ሌፖርም እዚያው ይወርዳል፤ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ መስኮቱ እንደተከፈተ።

የሚያድነን ብዛቱ ነው። እውነተኛ ኤ2 ከ8 በመቶ በላይ መሆኑ እጅግ ብርቅ ነው። ከ8 እስከ 15 አካባቢ ከሆነ ሌፖርን እጠረጥራለሁ። ከ25 እስከ 35 ከሆነ የኢ ተሸካሚ ነው ብዬ እጀምራለሁ። 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ከእናትም ከአባትም ኢን ወርሷል።

አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ሌፖር በኤችፒኤልሲ ኤ2 ውስጥ ይደበቃል፤ በሴሉሎስ አሴቴት ላይ ግን ኤስ ቦታ ላይ ቆሞ ይጋለጣል። ሲ በሴሉሎስ አሴቴት ላይ ከኢ ጋር ይቀላቀላል፤ በኤችፒኤልሲ ግን 5 ደቂቃ ላይ ለብቻው ይወርዳል። አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል። ስም ከመስጠት በፊት ሁለት መንገድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ዘመናዊ ማሽን ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ምን ይደረግ።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ

የሚስትየዋ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ፣ እንዲህ ነበር፦ ሄሞግሎቢን 11.6፣ ቀይ ሴል 4.7 ሚሊዮን፣ የቀይ ሴሉ አማካይ መጠን፣ ማለትም ኤምሲቪ፣ 75። የባልየው ደግሞ ሄሞግሎቢን 13፣ ቀይ ሴል 6.2 ሚሊዮን፣ ኤምሲቪ 66፣ ኤ2 5.4።

ከባልየው እንጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ሴሎቹ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን በዝቷል። 66ን ለ6.2 ስናካፍለው 10.6 ይመጣል። ከ13 በታች ሲሆን ከአይረን እጥረት ይልቅ ታላሴሚያን ያስጠረጥራል። ይህ ፍንጭ ብቻ ነው። የአይረን ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲኑ ጥሩ ነበር። ኤ2 5.4 ሲጨመርበት የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ መሆኑ ግልጽ ነው። ለእሱ ኤሌክትሮፎረሲስ ምንም አይጨምርም ነበር።

የእሷን ናሙና ግን በሁለቱም ወረቀት ላይ ሠራን። በሴሉሎስ አሴቴት ላይ ወፍራም መስመር ኤ2 ቦታ ላይ ቆመ፤ ሲ ወይም ኢ ወይም ኦ-አረብ ማለት ነው። በሲትሬት አጋር ላይ ከኤ ጋር ሄደ፤ ሲ ወደቀ። ኤችፒኤልሲው ላይ የወረደው 3.7 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ኦ-አረብ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ወደ ሲ ተጠግቶ ነው የሚወርደው። እሱም ወደቀ። ብዛቱ፣ ቦታው፣ የመጣችበት አካባቢ፣ ሁሉም ወደ ኢ ያመለክታሉ። የኢ ተሸካሚ ናት።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ አይደለም። የኢ ተሸካሚ ብቻዋን ስትሆን ጤነኛ ናት፤ የእሱም ተሸካሚነት ብቻውን አያሳምመውም። ሁለቱ ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል ልጁ ከእሷ ኢን፣ ከእሱ የቤታ ታላሴሚያውን ጂን ሊወርስ ይችላል። ኢ ከቤታ ታላሴሚያ ጋር ሲገናኝ አንዳንዱ ልጅ በቀላል ደም ማነስ ይኖራል፤ አንዳንዱ በየወሩ ደም የሚወስድ ይሆናል። ሴሉሎስ አሴቴት ብቻ ሠርተን «ሲ» ብንላት ኖሮ ሐኪሟ ብዙም ላይጨነቅ ይችል ነበር፤ ሲ ከቤታ ታላሴሚያ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነውና። በማታ ተረኛው ጽሑፍ ቢወጣ ደግሞ «ሁለታችሁም የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ ናችሁ» ተብለው ሌላ ዓይነት ምክር ይሰጣቸው ነበር።

ሪፖርቱ የወጣው የሁለቱም ስም ባለበት በአንድ ማብራሪያ ነው፤ የዲኤንኤ ምርመራም ይደረግ ብለን ጻፍን። በፅንሱ ላይ መመርመር ከፈለጉ ከእንግዴ ልጁ ናሙና የሚወሰደው ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። የወላጆቹ የጂን ለውጥ ደግሞ ከዚያ በፊት መታወቅ አለበት። ሁለት ሳምንት ነው የነበራቸው።

ቁጥሩ ራሱ ሲያታልል

ማሽኑ በትክክል ለክቶም ሊያሳስታችሁ ይችላል። የአይረን እጥረት ኤ2ን ዝቅ ያደርጋል። ኤ2 5 የሆነ ተሸካሚን አይሰውረውም፤ 3.6 ሊሆን የሚገባውን ግን 3.3 ሊያደርገው ይችላል። ጊዜ ካለ አይረኑን አክሞ መድገም ነው። ሴትየዋ እርጉዝ ከሆነች ግን አትጠብቁ፤ ባልየውን ወዲያው መርምሩት። የእሱ ጤነኛ ከሆነ ጭንቀቱ በአብዛኛው አበቃ።

በተቃራኒው የቢ12 እጥረትና ዚዶቩዲን የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ኤ2ን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። እነዚህ ግን ሴሉን ትልቅ ያደርጉታል። ኤ2 3.8፣ ኤምሲቪ 104 ካያችሁ ከታላሴሚያ በፊት የመድኃኒት ዝርዝሩን ጠይቁ።

ኤስ ያለበት ደም ሌላ ወጥመድ አለው። በኤችፒኤልሲ ላይ ከኤስ የተቀነጠሰ ክፍል ኤ2 መስኮት ውስጥ ይወርድና ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የሲክል ሴል ተሸካሚ ኤ2ው 4 ስለሆነ ብቻ «ታላሴሚያም አለበት» አይባልም። እዚህ የሚጠቅመው የኤ እና የኤስ ሚዛን ነው። በተራ ተሸካሚ ኤ ይበልጣል፤ ኤስ 35 ወይም 40 ገደማ ነው። ኤስ ከበለጠና ሴሎቹ ትንንሽ ከሆኑ፣ ኤስ ከቤታ ታላሴሚያ ጋር ተገናኝቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ግን ልጁ በቅርብ ደም ወስዶ እንደሆነስ? ሙሉ ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ደም ሲወስድ የለጋሹ ኤ ይገባበታል፤ ወረቀቱ ላይ ልክ ኤስ-ቤታ ታላሴሚያ ይመስላል። ደም ከወሰደ 3 ወይም 4 ወር ካልሞላው ወላጆቹን መርምሩ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ለምትሠሩ ይህ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የናሙና ዕድሜም አለ። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያለፈው ደም ከኤ በፊት «P3» የሚለውን ፒክ ያሳድገዋል። P3 ካበጠ ቁጥሩን አልፈርምበትም፤ አዲስ ደም እጠይቃለሁ።

ሁለቱም ማሽኖች የማያዩት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የአልፋ ታላሴሚያ ተሸካሚ። ሴሉ ትንሽ፣ አይረኑ ጥሩ፣ ኤ2ው ልክ። መልሱ ያለው ዲኤንኤ ላይ ብቻ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይም የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚነትን በኤ2 አትፈልጉ፤ ኤ2ው ገና አላደገም። ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል 1 ዓመት ይሙላው።

ታዲያ የቱን ልግዛ?

ናሙናችሁን ቁጠሩ። ኤችፒኤልሲ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት በየቀኑ ካሊብሬተርና ኮንትሮል ይበላል። ሪኤጀንቱ ከተከፈተ በኋላ ጊዜው ይሮጣል። በሳምንት 5 ናሙና ለሚመጣለት ላብራቶሪ መግዛት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን ለትልቅ ላብራቶሪ ቢልክ ይሻለዋል። መብራት የሚቋረጥበት ቦታ ከሆነ ጥሩ ዩፒኤስ የግዢው አካል ነው። ለኤሌክትሮፎረሲስ መብራት ሲሄድ ወረቀቱን ጥሎ እንደገና መጀመር ነው፤ ለኤችፒኤልሲ ግን ሙሉ ዙር ናሙና ይበላሻል።

ዋናው ሥራችሁ ተጋቢዎችን መመርመር ከሆነ፣ ያለማቅማማት ኤችፒኤልሲ። ሳውዲ ዓረቢያ ከ2004 ጀምሮ የሲክል ሴልና የታላሴሚያ ምርመራን ለሚጋቡ ዜጎቿ ግዴታ አድርጋለች። ይህን ያህል ሰው በወረቀት አይሠራም። ግን አንዲት የኤሌክትሮፎረሲስ ገንዳና ሁለቱ ባፈሮች ጥግ ላይ ይኑሩ፤ ስም ለመስጠት።

ዋናው ሥራችሁ የሲክል ሴል ልጆችን መለየት ከሆነና በጀቱ ትንሽ ከሆነ፣ ሁለቱ ኤሌክትሮፎረሲሶች ኤስ መኖሩን ከሚያሳየው ሶሉቢሊቲ ቴስት ጋር ብዙ ርቀት ይወስዳሉ። ኤ2ን ግን ከእነሱ አትጠብቁ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፤ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚሠራ አውቶማቲክ ነው። ኤ2ንም ጥሩ አድርጎ ይለካል፣ ኢን ከኤ2 ይለያል። የእኛዋ ሴትዮ ናሙና እዚያ ቢገባ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። ችግሩ አንድ ነው፦ ናሙናው ውስጥ ኤ ጨርሶ ከሌለ ማሽኑ አቅጣጫው ይጠፋበታል፤ ከጤነኛ ደም ጋር ቀላቅሎ መድገም ያስፈልጋል። ብዙ ታካሚ ከእስያ የሚመጣበት ቦታ ላይ ብሆን ይህንን እመርጥ ነበር።

ለሐኪሞች፦ የትኛውንም ብታዙ ከቱቦው ጋር ሲቢሲ፣ ፌሪቲን፣ መጨረሻ ደም የተወሰደበትን ቀንና የመድኃኒት ዝርዝሩን ላኩ። ባዶ ፎርም ይዞ የመጣ ቱቦ ባዶ መልስ ይዞ ይመለሳል።

እኛ ዘንድ ከዚያ ጠዋት በኋላ አንድ ነገር ተቀይሯል። ኤ2 ከ8 በላይ የሆነ ውጤት ሲስተሙ ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛ ሰው አይቶ ካልፈረመ አይወጣም። ሕጉን ሲስተሙ ውስጥ ያስገባው ያው የማታ ተረኛ ነው።